ቅናሹን ሳንወስድ ንግግሩን ማቆየት

የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ በተቀየረ ቁጥር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ሻጩ ዋጋ ቀንሶልናል፤ ግን አሁንም አይሆነንም። ምን ብለን እንመልስለት?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። የገንዘብ ያዥነት ዘመኔን ከጨረስኩና በግዥ ክፍል ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ግን ብዙ ግዥ የሚበላሸው በዚህች አንዲት መልስ እንደሆነ አይቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ዋጋ ክርክር በሞላው አላወራም። የማወራው ሻጩ «ይህን ያህል እቀንሳለሁ፤ እናንተም ይህን አድርጉ» ብሎ ከጻፈ በኋላ ስለምትልኩት መልስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከቤት ይዘነው ስለመጣነው ልማድ ትንሽ ልበል። መርካቶ ገብቶ ዋጋ የተከራከረ ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለትን ያውቃል። ቃሉ ግን ብቻውን አይደለም የሚሠራው። ገዢው ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሻጩም «ደንበኛ! ና እንጂ፣ መጨረሻውን ንገረኝ» ብሎ ይጠራዋል። በሩን ክፍት የሚያደርገው ያ ቀስ ያለ እርምጃ ነው። በኢሜይል ላይ እርምጃ የለም። «ይቅርብን፤ እናመሰግናለን» ብላችሁ ስትልኩ አሜሪካዊው ሻጭ የሚያነበው የተጻፈውን ብቻ ነው። ፋይላችሁን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል፤ የሚጠራችሁም የለም።

ሌላው ልማዳችን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ይሉኝታ ይይዘንና «እሺ፣ እናያለን» እንላለን፤ ከዚያም ዝም። እኛ ዘንድ «እናያለን» ብዙ ጊዜ የጨዋ እምቢታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። እዚህ ያለው ሻጭ ግን «እያሰቡበት ነው» ብሎ ይጠብቃል፤ በማተሚያ መርሐ ግብሩ ላይ ቦታ ይይዝላችኋል፤ ሳምንት ቆይቶ ይደውላል፤ ስልኩ አይነሣም። በሚቀጥለው ዓመት የማኅበሩን ስም ሲያይ የመጀመሪያ ዋጋውንም ከፍ አድርጎ ነው የሚልከው። ቁርጥ ያለው እምቢታም፣ ድምፅ የሌለው እምቢታም መጨረሻቸው አንድ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው። እኔ ገንዘብ ያዥ በነበርኩበት ዓመት ለባህል ምሽታችን 120 ቲሸርት ማሳተም ነበረብን። አባላት ቀድመው ተመዝግበው እያንዳንዳቸው 15 ዶላር ከፍለዋል፤ ስለዚህ በእጃችን 1,800 ዶላር አለ። ከቲሸርቱ የሚተርፈው ገንዘብ ለአዳራሹ ቀብድ የሚከፈል ነው፤ ቀብዱ 450 ዶላር። ስለዚህ ለማተሚያ ቤቱ ልንከፍል የምንችለው ጣሪያ 1,350 ዶላር ነበር። ከዚያ ካለፈ አዳራሹ የለም፤ አዳራሹ ከሌለ ደግሞ ቲሸርቱን ለብሰን የምንሄድበት ቦታ የለም።

ማተሚያ ቤቱ የላከው ፕሮፎርማ እንዲህ ይላል፤ ጥቁር ቲሸርት፣ ፊቱ ላይ ባለ ሦስት ቀለም ሥዕል፣ ጀርባው ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ፤ አንዱ 11 ዶላር ከ50፣ ለ120 ደግሞ 1,380 ዶላር። በዚህ ላይ የስክሪን ዝግጅት 125 ዶላር ተጨምሮበት ድምሩ 1,505። ከሥር «ይህ ዋጋ ለ30 ቀን የጸና ነው» ይላል፤ ፊርማም አለበት። ይህቺን መስመር አስታውሷት፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

የስክሪን ዝግጅት ምን እንደሆነ ካላወቅን ግን ከሻጩ ጋር መነጋገር አንችልም። በዚህ የኅትመት ዓይነት ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ በፍሬም ላይ የተወጠረ ወንፊት መሰል ጨርቅ ይዘጋጃል፤ ቀለሙ በዚያ ውስጥ እየተጨመቀ ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። ሦስት ቀለም ሦስት ስክሪን ነው። ቲሸርቱ ጥቁር ከሆነ ግን አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ደምቀው እንዲታዩ ከሥራቸው ነጭ ቀለም መነጠፍ አለበት፤ ስለዚህ ፊቱ ብቻ አራት ስክሪን ይፈልጋል። ጀርባው ሲጨመር አምስት፤ እያንዳንዱ 25 ዶላር። ጀርባው ሌላም ወጪ አለው፤ 120ውም ቲሸርት ተገልብጦ እንደገና ማሽኑ ላይ መውጣት አለበት። ስክሪኑ 12 ቲሸርትም ቢታተምበት 1,000ም ቢታተምበት ወጪው አንድ ነው። ሻጮች «ብዛት ጨምሩ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ ስግብግብ ስለሆኑ አይደለም።

እኔም በጥያቄ መልክ ጻፍኩ፤ «ሁሉንም አካቶ በ11 ዶላር፣ ማለትም በ1,320 ሊሠራልን የሚችልበት መንገድ ይኖር ይሆን?» በማግስቱ መልስ መጣ፤ «10 በመቶ እቀንስላችኋለሁ፤ ብዛቱን ወደ 144 ከፍ ካደረጋችሁና ሙሉ ክፍያውን እስከ ዓርብ ከላካችሁ።» የአጸፋ ዋጋ የምለው ይህን ነው።

10 በመቶ ሲባል ጆሮ ደስ ይለዋል። ኮሚቴያችን ውስጥም «በሉ ይሁን፣ ቀንሶልናል» ያሉ ነበሩ። ሒሳቡ ግን ሌላ ነበር። 144 ቲሸርት በ11 ዶላር ከ50 ሲባዛ 1,656 ይመጣል። 10 በመቶው ሲቀነስ 1,490 ዶላር ከ40 ሳንቲም። የስክሪኑ 125 አልተቀነሰም፤ ሲደመር 1,615 ዶላር ከ40። ያለ ቅናሹ ከነበረው ከ1,505ቱ በ110 ዶላር ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። የአንዱ ዋጋ በእርግጥ ወርዷል፤ ከ12 ዶላር ከ54 ወደ 11 ዶላር ከ22። ነገር ግን 24ቱን ቲሸርት የሚለብስ ሰው የለንም። ወጪውን ገንዘብ ለከፈሉት 120 ሰዎች ብናካፍለው የአንዱ ዋጋ 13 ዶላር ከ46 ይደርሳል። ለአዳራሹ ቀብድ የሚቀረን 184 ዶላር ከ60 ብቻ ነው።

ስለዚህ አንወስደውም፤ ይህ አላከራከረንም። ያከራከረን እንዴት እንደምንልለት ነው። እዚህ ላይ ከሥነ ምግባር ይልቅ ሕግ ይቀድማልና ጥቂት መስመር ለእርሱ ልስጥ።

በእንግሊዝ በ1840 የታየ ሃይድ እና ሬንች የሚባል የታወቀ ክርክር አለ። ሬንች እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ልሽጥልህ አለ። ሃይድ 950 ልስጥህ ብሎ መለሰ። ሬንች እምቢ አለ። ሃይድ ቆይቶ «እሺ፣ 1,000ውን እከፍላለሁ» ቢል ሬንች አልሸጥም አለ፤ ፍርድ ቤቱም ለሬንች ፈረደ። ምክንያቱም ሃይድ 950 ባለበት ቅጽበት የ1,000ው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል፤ ሊቀበለው የሚችለው ነገር ጠረጴዛው ላይ አልቀረም። ይህ ሐሳብ አሜሪካም ውስጥ የውል ሕግ መሠረት ሆኖ ይሠራበታል። አገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል የማይገጥም መልስ ሐሳቡን እንደ መጣልና አዲስ ሐሳብ እንደ ማቅረብ ይቆጠራል ይላል።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት የ1880 ሌላ ጉዳይ አለ፤ ስቲቨንሰን እና ማክሊን ይባላል። ሻጩ ብረት በቶን 40 ሺሊንግ በጥሬ ገንዘብ እሸጣለሁ፣ ሐሳቡም እስከ ሰኞ ክፍት ነው አለ። ገዢዎቹ በቴሌግራም «በዚያው ዋጋ ርክክቡ በሁለት ወር ቢሆን ትቀበላለህ? ካልሆነስ የምትሰጠው ረጅሙ ጊዜ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሻጩ መልስ ሳይሰጥ ብረቱን ለሌላ ሸጠው። የመሸጡ ዜና ሳይደርሳቸው ገዢዎቹ 40ውን ተቀብለናል ብለው ላኩ። ፍርድ ቤቱ ለገዢዎቹ ፈረደ፤ የጠየቁት ጥያቄ ነው እንጂ የአጸፋ ዋጋ አይደለም፣ ስለዚህ የሻጩ ሐሳብ አልሞተም ነበር።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአረፍተ ነገር አሠራር ነው። «11 ዶላር እንከፍላለን» እና «በ11 ዶላር የሚሆንበት መንገድ አለ?» በጆሮ ይቀራረባሉ፤ የመጀመሪያው ግን የሻጩን ወረቀት ይጥላል፣ ሁለተኛው ያቆየዋል። የእኔ የመጀመሪያ ኢሜይል ጥያቄ ስለነበር የ1,505ቱ ፕሮፎርማ በቦታው ነበር። የማልወደው ዋጋ ቢሆንም ሌላው ሁሉ ቢፈርስ የምመለስበት ቤት ነው።

በአሜሪካ ደግሞ ለዕቃ ሽያጭ የሚያገለግለው የንግድ ሕግ (ከሉዊዚያና በቀር ግዛቶቹ ሁሉ የተቀበሉት ክፍል ነው) አንድ ተጨማሪ ጥበቃ ይሰጣል። ነጋዴ የሆነ ሰው ፈርሞ በጽሑፍ «ይህ ዋጋ እስከ እንዲህ ያለ ቀን ይቆያል» ካለ፣ ምንም ቀብድ ባትከፍሉበትም በተባለው ጊዜ ውስጥ ሊያነሣው አይችልም፤ ይህ እስከ ሦስት ወር ድረስ ይሠራል። በልዩ ትእዛዝ የሚታተም ቲሸርትም ዕቃ ነው። አስታውሷት ያልኳት «ለ30 ቀን የጸና ነው» የምትለው መስመር ዋጋዋ ይኸው ነው። በስልክ የተነገረ ቅናሽ ግን ይህ ጥበቃ የለውም፤ ስለዚህ በስልክ ቅናሽ ሲነገራችሁ «በኢሜይል ይላኩልኝ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይም ይጻፉልኝ» በሉ። ማንም አይቀየምም።

ለ200 ዶላር ልዩነት ፍርድ ቤት የሚሄድ ተማሪ የለም፤ አውቃለሁ። ሥራ የሚፈልግ ሻጭም ትናንት የጣላችሁትን ዋጋ ዛሬ ደግሞ ሊሰጣችሁ ይችላል። ግን ከምረቃ በፊት ባሉት ሳምንታት ማተሚያ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚያን ጊዜ «ያ ዋጋ አልፏል» ሲላችሁ የምትይዙት ወረቀት ያስፈልጋል።

ዓርብ ከመድረሱ በፊት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መልሱን ላክሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ በአማርኛ ይህን ይመስላል፤

«ለላኩልን ዋጋና በላዩ ላይ ላጠፉት ጊዜ እናመሰግናለን። የ144ቱን ሐሳብ መውሰድ አንችልም። ከፍለው የተመዘገቡት 120 ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሚገዛን የለም። ሥራውን ከእናንተ ጋር መሥራት ግን እንፈልጋለን፤ ወደ 1,320 የሚያቀርበን ሌላ መንገድ ካለ ለመስማት ዝግጁ ነን። ሁለት ነገር ልጠይቅ፤ የጀርባው ጽሑፍ ቢቀር የ120ው ዋጋ ስንት ይሆናል? የርክክቡን ቀን በሁለት ሳምንት ብናራዝምላችሁስ በዋጋው ላይ ለውጥ ያመጣል? ኮሚቴያችን ረቡዕ ማታ ይሰበሰባል። እስከ ማክሰኞ መልስ ካገኘን ሐሙስ ጠዋት ውሳኔያችንን እናሳውቃለን፤ ከተስማማን ግማሹን ቀብድ በዚያው ቀን እንከፍላለን። የመጀመሪያው ፕሮፎርማ 30 ቀኑ እስኪያልቅ እንደጸና እንደሆነ ተረድተናል፤ ትክክል ነን?»

ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደጻፍኩት ለኮሚቴው አስረድቼ ነበር። ዋናው ነገር የምንጥለውን ሐሳብ በስሙ መጥራት ነው። «ዋጋችሁ አልተስማማንም» ብንል ሻጩ ምኑ እንዳልተስማማን አያውቅም፤ ጠቅላላው እንደተጣለ ይቆጥረዋል። «የ144ቱን» ስንል ግን የተዘጋው አንድ በር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ምክንያቱ ስለ እርሱ ሳይሆን ስለ እኛ ነው፤ 120 ሰው ነው ያለን። ዋጋህ ውድ ነው ብንለው ዋጋውን መከላከል ይጀምራል፤ 120 ሰው ነው ያለን ስንለው የሚከላከለው ነገር የለም።

ስለ ክፍያው ደግሞ ልብ በሉ። እርሱ ሙሉ ክፍያ እስከ ዓርብ ብሎ ነበር። እኛ ያንን በግልጽ እምቢ አላልንም፤ በቦታው ልንሰጥ የምንችለውን አስቀመጥን። ለትንሽ ማተሚያ ቤት ቀብድ በጣም ይጠቅመዋል፤ ባዶውን ቲሸርት ከጅምላ ሻጭ የሚገዛው በእርሱ ነው። ሙሉ ክፍያ ግን ዕቃ ሳናይ አንከፍልም፤ ቀለሙ ተበላሽቶ ቢመጣ በእጃችን ምን ይቀራል?

ጥያቄዎቹ ደግሞ የሚመለሱ ዓይነት መሆን አለባቸው። «ሌላ ምን ልታደርጉልን ትችላላችሁ?» ብንለው ሻጩ ሥራውን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣልንበት፤ ቀኑ ሲጣበብበት ይተወዋል። «የጀርባው ጽሑፍ ቢቀር ስንት ይሆናል?» ግን በሁለት ደቂቃ አስልቶ የሚመልሰው ነገር ነው። መልስ ሲሰጥ ደግሞ ራሱ አዲስ ሐሳብ አቀረበ ማለት ነው። እምቢ ያልነው እኛ ሆነን ሳለ የሚቀጥለውን ዋጋ የሚጽፈው እርሱ ነው።

ያልጻፍነውም አለ። «ይህ የመጨረሻ ዋጋችን ነው» አላልንም፤ ምክንያቱም አይደለም፤ ጣሪያችን 1,350 ነበር። የመጨረሻ ብሎ ከዚያ 20 ዶላር የጨመረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚናገረውን ማንም አያምነውም። «ሌላ ማተሚያ ቤት በ10 ዶላር ሊሠራልን ነው» አላልንም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችን አልነበረንም። ሻጮች ይህን ሲሰሙ «እስቲ ላኩልኝ፣ ልየው» ማለት ልማዳቸው ነው፤ የሚላክ ከሌለ ንግግሩ እዚያው ላይ ይሞታል። ጣሪያችንንም አልነገርነውም። 1,350 ብለን ብንጽፍ ኖሮ የሚመጣው ዋጋ 1,350 ነበር የሚሆነው።

ሰኞ መልስ መጣ። የርክክቡ ቀን ቢራዘም ለዋጋው ለውጥ አያመጣም አለ፤ አንዱ ጥያቄያችን እንዲህ ባዶውን ተመለሰ። ጀርባው ከቀረ ግን አንዱ 10 ዶላር ከ25 ይሆናል፤ ስክሪኑም አራት ስለሆነ 100 ዶላር። 120 ሲባዛ 1,230፣ ከስክሪኑ ጋር 1,330። የመጀመሪያው ፕሮፎርማም እንደጸና መሆኑን በአንድ መስመር አረጋገጠልን።

ከጠየቅነው በ10 ዶላር ይበልጣል፤ ከጣሪያችን በ20 ያንሳል። ረቡዕ ማታ ኮሚቴው ላይ የተነሣው ተቃውሞ በዋጋው አልነበረም፤ «ዓመተ ምሕረቱ ጀርባ ላይ ካልተጻፈ የዘንድሮ መሆኑ በምን ይታወቃል?» የሚል ነበር። ለጥቁር ቲሸርት የሚነጠፈው ነጭ ቀለም የራሱ ስክሪን እንዳለው ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ። ቀላል ነጭ ጽሑፍ ከሆነ በዚያው ስክሪን ላይ ከሥዕሉ በታች ሊጨመር ይችላል፤ ሌላ ስክሪን አይፈልግም። ማተሚያ ቤቱን ጠየቅን፤ «ይሆናል፤ ዋጋው አይቀየርም» አለን። ሐሙስ ጠዋት ባልነው ሰዓት ተቀብለናል ብለን ጽፈን ግማሹን ከፈልን። ቲሸርቱ ተከፍሎ 470 ዶላር ተረፈን፤ የአዳራሹ ቀብድም ከዚያው ወጣ።

ሐሙስ ባንጽፍ ኖሮስ? ከሁሉ ይበልጥ በር የሚዘጋው ይህ ይመስለኛል። የተናገራችሁትን ቀን ካላከበራችሁ፣ «በሩ ክፍት ነው» ያላችሁት ለጨዋነት ያህል እንደነበር ሻጩ ይገባዋል። ኮሚቴው ባይስማማም እንኳ በቀኑ «አልተስማማንም፤ እስከ እንዲህ ያለ ቀን ጊዜ ስጡን» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

በሩ መዘጋቱን ከመልሱ ቋንቋ መለየት ይቻላል። ሻጩ ጥያቄ ከጠየቀ፣ ቁጥር ከጻፈ፣ ወይም «ቀለሙ ሦስቱም የግድ ነው?» ካለ እየተነጋገራችሁ ነው። «ሐሳብ ከቀየራችሁ አሳውቁን፤ መልካም ዝግጅት» ካለ ግን በዚህ አገር ጨዋ አነጋገር ስንብት ነው። እንዲህ ከመጣ ሌላ ቅናሽ መጠየቅ አይጠቅምም። ወይ የጸናውን የመጀመሪያ ፕሮፎርማ ትወስዳላችሁ፣ ወይ ሥራውን ራሱን ለውጣችሁ (ቀለም ቀንሳችሁ፣ የቲሸርቱን ዓይነት ቀይራችሁ) እንደ አዲስ ትጠይቃላችሁ። አዲስ ሥራ አዲስ ዋጋ ስለሆነ ማንንም ሐሳቡን አስለወጥከኝ አያሰኝም።

ሻጩ የራሳችን ሰው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ይህን ሳልነካ ብተወው ብዙዎቻችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ለዚያው ምሽት ምግቡን ያዘዝነው ከአንዲት ኢትዮጵያዊት የምግብ ቤት ባለቤት ነበር። ለአንድ ሰው 18 ዶላር አሉ፤ ከዚያ በስልክ «ለእናንተ ለልጆቼ ብዬ 16 አድርጌዋለሁ» አሉን። እኛ የያዝነው ለአንድ ሰው 14 ነበር። እዚህ ቅናሹ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስጦታም ነው። «የ16ቱን ሐሳብ መውሰድ አንችልም» ብሎ በኢሜይል መጻፍ የዘረጉትን እጅ እንደ መግፋት ይቆጠራል። ስለዚህ ሄድን፤ ቡና ጠጣን፤ መጀመሪያ ስጦታውን ተቀበልን። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ለልጆችዎ ብለው መቀነስዎን ለኮሚቴው ሁሉ ነግሬያለሁ። የተሰበሰበው ገንዘብ ግን ለሰው 14 ብቻ ነው የሚደርሰው፤ እርስዎን ደግሞ ማክሰር አንፈልግም። ከምግቡ ምን ቢቀር ይሻላል ይላሉ?»

እኔ በልቤ ይቀራል ብዬ የጠበቅሁት ዶሮ ወጡ ነበር፤ ሽንኩርቱ፣ ዕንቁላሉ፣ የሚፈጀው ሰዓት። እሳቸው ግን ሳቁ። «ዶሮ ወጥ የሌለው ምሽት በእኔ ስም አይወጣም። አስተናጋጆቹን ልተዋቸው፤ ለእነርሱ የሰዓት እከፍላለሁ። እናንተ ጎበዞች አይደላችሁ? ራሳችሁ አንሡ፣ ራሳችሁ አቅርቡ፤ ትሪውንም አጥባችሁ መልሱልኝ።» ወጪያቸው የት እንደሚከብድ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ ዶሮውን ብጠቅስ ኖሮ ዶሮውን ለማስቀረት ስንከራከር እንውል ነበር። ዋጋውና እስከ መቼ እንደሚቆይ በስልካቸው መልእክት እንዲልኩልኝ በትሕትና ለመንኳቸው፤ ላኩልኝም። በ14 ዶላር ከ50 ተስማማን፤ በበነጋታው እሑድ እስከ ቀትር ትሪ ስናጥብ ዋልን።